ፋይሉ የቆመበት ቦታ

የአናጢው ሚስት የሞተችው ልብስ እያሰጣች ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ ከዓመት በፊት ጀምሮ ሆዱን ገፍቶ ነበር። ባሏ አይቶታል፤ አናጢ ነውና ያዘነበለ ነገር ከሩቅ ይታየዋል። ግንበኛ ጠርቶ ከላይ ጀምሮ ሊያስፈርሰው ሲነሣ ደንብ አስከባሪዎች መጡና «ፈቃድህ የታለ?» ብለው መዶሻውን አስቀመጡት። እሱም ሰው እንደሚያደርገው አደረገ፤ ወደ ግንባታ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሄዶ አመለከተ። «ተመለስ» ሲሉት ተመለሰ፣ «ጠብቅ» ሲሉት ጠበቀ። ዝናቡ ግን አልጠበቀም፤ ግንቡ ሚስቱ ላይ ተናደ።

ወሬው መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ ሁሉም ሰው ድምፁን ቀንሶ ማውራት ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ ዝም ያለችው ግን ሚጢጢ ነበረች። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው በቁመቷ ምክንያት ሚጢጢ ይላታል፣ እሷም ለምዳዋለች። ሥራዋ የአሠራር ማሻሻያ ባለሙያ መሆን ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ጉዳይ ከየት ተነሥቶ በማን በኩል አልፎ የት እንደሚያልቅ እየተከተለች፣ የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሥራ እንድትሠራ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስታወጣ የነበረው የሠራተኞች የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ሠንጠረዥ ነው።

ኃላፊው አስጠሯት። ክፍላቸው ሰፊ ነው፤ መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ፣ ጠረጴዛው መስታወት የለበሰ።

«የበላይ መሥሪያ ቤት ቡድን ይልካል» አሏት። «ፋይሉ የት እንደቆመ፣ ማን እንዳቆመው፣ ቁልጭ አድርገሽ ታሳያቸዋለሽ። መጀመሪያ ግን ለእኔ።»

«ከመስኮት እስከ ማኅተም ድረስ መከተል ሊኖርብኝ ነው፤ የሁሉንም ክፍል።»

«ተከተዪ። ግን ራስሽን አታድክሚ።» ኃላፊው ፈገግ አሉ። «ክምሩ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።»

እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም ያውቃል። ክምሩ ያለው ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኢንጂነሩ ሽበታም፣ ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የግንባታ ጥንካሬ የሚመረምሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለተኛው የሥራ መደብ ከተለቀቀ ወዲህ ሰው አልተቀጠረበትም። ፋይሎቹ ከጠረጴዛው ወርደው ወንበር ላይ፣ ከወንበሩ ወርደው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። የአናጢውም ፋይል የተገኘው እዚያው፣ ከሌሎች ሥር ተቀብሮ ነው። ማንም አልነካውም ነበር።

ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ባሏ የኃላፊው ሾፌር ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው አንድ መኪና ነው፣ መኪናውም ሾፌሩም የሚውሉት ኃላፊው ባሉበት ነው።

«ሰማሁ» አላት። «ላንቺ ሰጡሽ አይደል?»

«ለእኔ ሰጡኝ።»

«እንግዲህ ተይው አልልሽም፣ እንጀራሽ ነው። ግን ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ይሄ፤ የጮኸው ውሻ ደግሞ ዱላው የሱ ነው።»

በማግስቱ ሥራ ጀመረች። ትልቅ ነጭ ወረቀት በትንሿ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። በቢጫ ቁራጭ ወረቀት ሥራ የሚሠራበትን፣ በቀይ ቁራጭ ፋይሉ ዝም ብሎ የሚቀመጥበትን ቦታ ልታመለክት ነው። መመሪያው ላይ የተጻፈው ሂደት ቀጥ ያለ ነው፤ መስኮት፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ኢንጂነር፣ ክፍያ፣ ፊርማና ማኅተም። እሷ ግን መመሪያውን አልገለበጠችም። አዲስ የገባ ፋይል ይዛ፣ ፋይሉ በሄደበት ሄደች። ፋይሉ ሲቆም እሷም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሣቁባት። «ሚጢጢ የፋይል ሞግዚት ሆነች» አሉ። ከዚያ ግን ሰው አጠገቡ ተቀምጠው በትዕግሥት ሲጠይቁት መናገር ይወዳል፤ ተናገሩ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ማመልከቻ ስትቀበል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የማሟያ ዝርዝር እያየች ነው። ዝርዝሩ አሮጌ ነው። በአዲሱ መመሪያ የአፈር ምርመራና የአጎራባች ስምምነት ይጠየቃል፤ በአሮጌው ላይ እነዚህ የሉም።

«አዲሱ ዝርዝር የት አለ?» አለቻት ሚጢጢ።

«ተዘጋጅቶ ላይ ቤት ለፊርማ ገብቷል። እስኪወጣ በዚህ ሥሩ ተብለናል።»

ስለዚህ ሕዝቡ ያልተጠየቀውን ሳያመጣ ይገባል፣ ፋይሉም ጎደሎውን እንደያዘ ያልፋል። ጎደሎው የሚታየው ኢንጂነሩ ፋይሉን ሲከፍቱት ነው። ያኔ «ይሟላ» ተብሎ ወደ መስኮት ይመለሳል፤ ባለጉዳዩ ተጠርቶ ያመጣል፣ ፋይሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሚጢጢ የኢንጂነሩን ክምር አንድ በአንድ ስታይ ግማሽ ያህሉ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ ሆኖ አገኘችው። እሳቸው አንዱን ሥራ ደጋግመው እየሠሩ ነበር።

ሁለተኛውን ነገር ያገኘችው ይዞታ ክፍል ነው። ሥራው እዚያ ቶሎ አለቀ፤ ፋይሉን ግን ወደ ኢንጂነሩ አልወሰዱትም። ወደ ላይ ወሰዱት።

«ለምን ወደ ላይ?»

«ለእይታ ነዋ» አላት ሠራተኛው፣ ፀሐይ ለምን ትወጣለች የተባለ ያህል ገርሞት። «ያኔ አንዱ ጉቦ በልቶ ከተባረረ ወዲህ ኃላፊው ሳያዩት ወደ ኢንጂነር የሚሄድ ፋይል የለም።»

«ትእዛዙ በጽሑፍ ነው?»

«በአፍ ነው። ኧረ ሚጢጢ፣ አንቺ ደግሞ!»

እሷም ላይ ወጥታ ከጸሐፊያቸው ጎን ተቀመጠች። ፋይሎቹ ከኃላፊው ክፍል በር አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ይተኛሉ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገም ስብሰባ፣ ከነገ ወዲያም። ውክልና አልሰጡም። ሳምንቱ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ሳምንታት አልፈው፣ ገብተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ ማየት ማለት ገጹን ገልጦ ምልክት ማድረግ ነው። ጸሐፊዋ በዚህ መንገድ የተመለሰ ወይም የተቀየረ ፋይል አታስታውስም። ከዚያ ሸክሙ ሁሉ ባንዴ ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። የሚፈርስ ግንብም፣ የአጥር ቀለም የሚለውጥም፣ ሰገነት የሚጨምርም፤ ሁሉም በመጣበት ተራ። አደጋ ያለበትን የሚለይ ምልክት የለም፣ የሚቀድምበት መንገድም የለም።

ኢንጂነሩን የጠየቀቻቸው በመጨረሻ ነው። ጋሼ ትላቸዋለች፤ ሥራ ስትጀምር ፕላን ማንበብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ፋይል በእጅዎ ከያዙ በኋላ ለማየት ያን ያህል አይፈጅብዎትም። አጠገብዎ ተቀምጬ አይቻለሁ።»

«ወረቀቱ አይፈጅም። ቦታው ሄዶ ማየቱ ነው። ለዚያ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ደግሞ…» የማን ሚስት እንደሆነች ትዝ አላቸው።

«ይንገሩኝ፣ ግድ የለም።»

«ባልሽ ጥሩ ልጅ ነው። ሁለቴ ሦስቴ በምሳ ሰዓት ሰርቆ አድርሶኛል። ከዚያ ተቆጡት መሰለኝ።»

ያንን ነግሯት አያውቅም። ማታ ስትጠይቀው ሳህኑን ገፋ አደረገና «የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ነው የምውለው» አለ። «መስታወት ስጠርግ። ጋዜጣ ሳነብ። ኢንጂነሩ ውሰደኝ ብለው ሲደውሉልኝ መኪናው ፊቴ ቆሟል፣ ግን የማዝበት እኔ አይደለሁም። ይሄንንም ልትለጥፊው ነው?»

«የቆመበትን ሁሉ ነው የምለጥፈው።»

«ልጅ አለን ሚጢጢ።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ብለሽ 'አውቃለሁ' አትበዪኝ። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ባንቺ ደመወዝ ነው? እኔ ከዚያ መኪና ከወረድኩ ማን ይወስደኛል?»

ልጃቸው ከጎረቤት መጥታ መሀላቸው ገባችና ወሬው በዚያው ቀረ።

የግድግዳው ሥዕል ሲያልቅ ሚጢጢ ራሷ ወደ ኋላ ሸሽታ አየችው። ቢጫው ጥቂት ነው፤ ተለቃቅሞ ቢገጣጠም ጠንካራ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው ሥራ። ቀዩ ግን ከዳር እስከ ዳር። ከቀዮቹም ትልቁ፣ ለሌሎቹም ምክንያት የሆነው፣ «ለእይታ» የሚለው ነበር። አዲሱ ዝርዝርም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው የተኛው።

ኃላፊው መጥተው አዩት። ክፍሏ ጠባብ ናትና ሁለቱ ሲገቡባት ሞላች። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከግራ ወደ ቀኝ አነበቡ፤ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

«ጎበዝ ነሽ። ይህን የሚያህል ሥራ እዚህ ቤት ተሠርቶ አያውቅም።» ከዚያ ጣታቸውን «ለእይታ» ላይ አሳረፉ። «ይቺን አንሺያት።»

«ግን እኮ…»

«መመሪያው ላይ አለች?»

«የለችም።»

«የለችማ! ሂደት ማለት መመሪያው ያለው ነው። ይቺ ሂደት አይደለችም፣ አመራር ናት። ሌብነት እንዳይገባ የቆምኩበት በር ናት። ይቺ ከተነሣች የቀረው እውነት ነው፤ ፋይሉ የተገኘው ኢንጂነሩ ጋ ነው። ዋሸሁ?»

«አልዋሹም።»

«እንግዲህ። ለባልሽም ሰላምታ አድርሺልኝ።» ሰላምታውን ለምን በሷ በኩል እንደላኩት ገባት፤ ባሏ ታች መኪናው ውስጥ እየጠበቃቸው ነበር።

ሲወጡ ያቺን ቀይ ወረቀት በጥፍሯ ላጥ አድርጋ አነሣችው። ያነሣችው እሷ ናት፣ ማንም እጇን አልያዘም። ነጩ ወረቀት ላይ የተተወው ባዶ ቦታ እንዳያስታውቅ ሌሎቹን ጠጋ ጠጋ አደረገቻቸው። ሥዕሉ አሁን ቀጥ ብሎ ከይዞታ ክፍል ወደ ኢንጂነሩ ይሄዳል፣ ያማረ ሆነ። የኢንጂነሩ ቀይ ብቻውን ጉብ አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አናጢው መጣ። የመጣው ሊጮህ አልነበረም። የቤቱ የይዞታ ደብተር ከማመልከቻው ጋር ገብቶ ስለነበር ሊወስደው ነው፤ ለውርስ ጉዳይ ይፈለጋል ተብሏል። የመስኮቷ ሠራተኛ ፋይሉ ሚጢጢ ጋ መሆኑን ስታውቅ ይዛው መጣች፣ በሩ ላይ ትታው ሸሸች።

ግዙፍ ሰው ነው። የሐዘን ልብሱ ገና አዲስ ነው፣ ትከሻው ላይ ጠቦታል። ሚጢጢ ብድግ ብላ «እግዜር ያጽናዎት» አለች። «አሜን» አለ። ደብተሩን ከፋይሉ ውስጥ አውጥታ ስታስፈርመው ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው እህቴ?»

«ማመልከቻ የሚሄድበት መንገድ ነው።»

«የኔም?»

«የእርስዎም።»

ጠጋ አለ። ያናጢ ጣት፣ ጥፍሩ የጠቆረ፣ የመጀመሪያዋ ቢጫ ላይ አረፈ። «ይቺ መስኮቷ ናት። እዚህ ባለቤቴም አብራኝ መጥታ ነበር። ወረፋው ረዝሞ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።» ጣቱ ተሻገረ። «ይቺስ?»

«ይዞታ ማረጋገጫ።»

«እዚህ ሲደርስ ነበረች።» ጣቱ ፋይሉ ከይዞታ ክፍል የወጣበት ጠርዝ ላይ ደረሰ። «እዚህስ?»

ሚጢጢ ምን እንደሚጠይቃት የገባት አሁን ነው። ቀኑን ታውቃለች፤ ፋይሉ መቼ የት እንደነበር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። «ነበሩ» አለች በቀስታ።

«እዚህስ?» ጣቱ የኢንጂነሩ ቀይ ላይ ነው። «በሕይወት ነበረች?»

«እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው… የሞቱት።»

«በስንት ቀኑ?»

«ወዲያው ነው።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። ከይዞታ ክፍሉ እስከ ኢንጂነሩ ያለውን ቦታ በጣቱ ለካ፤ አንድ ጋት አይሞላም። «ወዲያው እንዴት ይሆናል እህቴ? እኔ እኮ ከዚህ በኋላ ስመላለስ ነው የከረምኩት። ሂድ ላይ ነው ይሉኛል፣ ላይ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል። ያ ሁሉ ጊዜ የታለ? እዚህ ላይ የለም።»

ሚጢጢ ጠረጴዛዋን ይዛ ቆመች። መሳቢያዋ ውስጥ የታጠፈች ቀይ ወረቀት አለች።

«እኔ እንጨት ነው የማውቀው» አለ ሰውየው፣ አሁንም በለሆሳስ። «የተነቀለ ሚስማር ቦታውን ይተዋል። እዚህ የተነቀለ ነገር አለ።» ደብተሩን በብብቱ ያዘና «ይቅርታ፣ ሥራሽን አስፈታሁሽ» ብሏት ወጣ።

ይቅርታ መጠየቁ ነው ያቃጠላት። ኮሪደሩ ላይ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ቆየችና መሳቢያውን ከፈተች። ቢጫዎቹንና ቀዮቹን እንደገና አራራቀቻቸው፣ ያቺን ወረቀት ቦታዋ ላይ መልሳ፣ በፕላስተር አራቱንም ጎን ለጠፈቻት።

ቡድኑ በመጣ ቀን ረጅሙ የስብሰባ ክፍል ሞላ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ኃላፊው አጠገቧ፣ ኢንጂነሩ ከጫፍ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ሚጢጢ ወረቀቱን ስትዘረጋ ኃላፊው ቀዩን ያዩታል ብላ ጠበቀች። አዩት። ፊታቸው ላይ የተነቃነቀ ነገር አልነበረም።

ሁሉንም አስረዳች። ስለ አሮጌው ዝርዝር፣ ስለሚመላለሰው ፋይል፣ ስለ መኪናው፣ ለአደገኛ ግንብ የተለየ መንገድ እንደሌለ። «ክምሩ ያለው ኢንጂነሩ ጋ ነው» አለች፤ «ግን ክምሩ እዚያ የሚወርደው ለሳምንታት ላይ ቤት ታግዶ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ፣ ግማሹም ተመላሽ ስለሆነ ነው። የአናጢው ፋይል ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው እዚህ ነው።» «ለእይታ» የሚለው ቀይ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ከዚያ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልክ ናት» አሉ። «ይህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ በቅን ልቦና። ጥናቱንም ያስጠናሁት እኔ ነኝ፣ ጉድለቴን ለማየት። ከዛሬ ጀምሮ አንሥቼዋለሁ። አዲሱንም ዝርዝር ዛሬ እፈርማለሁ።»

ሰብሳቢዋ ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህ ያለ ግልጽ አመራር ነው የሚያስፈልገን» አለች፣ ጻፈችም። ከዚያ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ተመለከተች። «ሆኖም ሰው ሞቷል። ፋይሉ ሲገኝ እርስዎ ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ ነበር» አሉ ኢንጂነሩ።

«ከፍተውት ነበር?»

«አልከፈትኩትም።»

ሚጢጢ ብድግ አለች። «ከደረሳቸው ገና…»

«ገብቶኛል፣ አስረድተሻል። አሠራሩ ይስተካከላል። ተጠያቂነት ደግሞ ሌላ ነው።»

ኢንጂነሩ ከሥራ ታገዱ። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ሚጢጢ ልትረዳቸው ገባች፤ ማስመሪያዎቹን በመጠን ትደረድር ነበር።

«ተይው ልጄ» አሏት። «ደግ ሠርተሻል። ምክንያቱን አገኘሽልኝ። ግን ያን ዕለት ክምሩ ሲወርድ ከላይ ጀመርኩ እንጂ ከሥር አላየሁም። አገላብጬ አይቼ ቢሆን ኖሮ… ያንቺ ሥዕል እውነት ነው፣ ይሄም እውነት ነው።»

ባሏ ከኃላፊው መኪና ወርዶ ወደ ጋራዥ ተዛወረ። ምክንያት አልተነገረውም። አበል የሚባል ነገር ቀረ፤ ልጃቸውንም ከነበረችበት ትምህርት ቤት አስወጡ። ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ሳይሆን እንደ ሁለት ተከራይ ኖሩ። አንድ ማታ ግን እጁን በናፍጣ እንዳጨማለቀ በሩ ላይ ቆመና «ያኔ ኢንጂነሩን ወደ ቦታው ላደርሳቸው ብዬ ኃላፊው ሲቆጡኝ ተውኩት» አላት። «ዝም ብዬ ብሄድ ምን ያደርጉኝ ነበር? ማባረር ነው። ይኸው አሁንም ከመኪናው ተባረርኩ።» ሳሙና ሰጠችው።

አሠራሩ ተስተካከለ፤ ይህንን መካድ አይቻልም። አዲሱ ዝርዝር መስኮቷ ላይ ተለጠፈ፣ ተመላሹ ቀነሰ። ለአደገኛ ግንባታ የተለየ መንገድ ተከፈተ፤ ባለጉዳዩ መስኮቱ ላይ ሲናገር ፋይሉ ቀይ ምልክት ተደርጎበት በቀጥታ ወደ መርማሪው ይሄዳል፣ መኪናውም ይቀርባል። በኢንጂነሩ ቦታ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ተቀጠሩ። ለኃላፊው የምስጋና ደብዳቤ መጣ፣ በመስታወት ተደርጎ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ ያለፈችው አንዲት አሮጊት ናት። የማእድ ቤቷ ግድግዳ ተሰንጥቆ ነበር። ጠዋት አመልክታ፣ መሐንዲሱ አብሯት ሄዶ አይቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ ፈቃዱን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ሚጢጢን አገኘቻትና ማን እንደሆነች ሳታውቅ ጉንጯን ይዛ ሳመቻት።

«እሰይ የኔ ልጅ! የሰው ፊት አያሳያችሁ! እኔ እኮ ዓመት ይፈጃል ብለውኝ ልጄን ከሥራ አስቀርቼ ነበር። በአንድ ቀን! በአንድ ቀን እንዲህ ይቻላል ለካ!»

አሮጊቷ ሌላ ሰው ልትመርቅ አለፈች። ሚጢጢም ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ ኢንጂነሩ ቤት ደወለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ግድግዳ በቀኑ ተፈቀደ። ሳይቃጠል በቅጠል።»

ኢንጂነሩ ወዲያው ጠየቁ።

«ደገፉት? እስኪፈርስ ድረስ በጣውላ ካልተደገፈ ወደ ውስጥ ይወድቃል። እነዚያ ወጣት መሐንዲሶች ይህን ያውቃሉ?»

«እጠይቃቸዋለሁ።»

«አሁን ጠይቂያቸው» አሉ። «ዛሬ ሳትወጪ።»

ስልኩን ዘጋችና ወጣቶቹን መሐንዲሶች ፍለጋ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።